ካፕሽኑን ሳሳጥረው ድልድዩን ጨረስኩት

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ። አንድ የኦንላይን ጋዜጣ ላይ የፎቶ ገጽ አዘጋጅ ነኝ፣ ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። አንድ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት የድልድይ ግንባታ ፎቶ ላከልን። ፎቶው በጣም ያምራል፣ ሁለት ክሬን አንድ ረጅም ኮንክሪት ወንዝ ላይ አንጠልጥለው ነው። ካፕሽኑ ግን ይሄ ነው፦

«በድርጅታችን የዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥር አገልግሎት እየተሰጠበት በሚገኘውና ባለ 3 ስፓን 90 ሜትር ርዝመት ባለው የፕሪስትረስድ ኮንክሪት ገርደር ድልድይ ፕሮጀክት የ1.2 ሜትር ዲያሜትር ያላቸው 16 የቦርድ ፓይሎች፣ የፓይል ካፕ፣ የአባትመንትና የፒየር ሥራዎችን ያካተተው የሰብስትራክቸር ግንባታ መቶ በመቶ በመጠናቀቁ እያንዳንዳቸው 55 ቶን የሚመዝኑ የ30 ሜትር ፕሪካስት ፖስት ቴንሽንድ ገርደሮች የኢሬክሽን ተግባር በ2 ክሬኖች በታንደም ሊፍት በመከናወን ላይ የሚገኝ ሲሆን በአሁኑ ሰዓት የፕሮጀክቱ አጠቃላይ ፊዚካል አፈጻጸም 68 በመቶ መድረሱን ድርጅታችን በደስታ ይገልጻል።»

አለቃዬ «ይሄን ማን ያነባል፣ ሁለት መስመር አድርጊው» አለኝ። እኔም «90 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ግንባታ መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» ብዬ አወጣሁት። በነጋታው ከዚያው አካባቢ ሰዎች ደውለው «የት ነው ያለቀው? እኛ ዛሬም ውሃውን በእግራችን ነው የምንሻገረው» አሉ። ከሰዓት ደሞ የድርጅቱ ኢንጂነር ደወሉና «የኛ ሙያ ተረት አይደለም፣ ያልገባሽን አትንኪ» ብለው ጮሁብኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ሁለተኛ ፎቶ ልከዋል፣ ካፕሽኑ ከመጀመሪያው ይብሳል። አለቃዬ አሳጥሪ ይላል፣ እሳቸው አንድ ቃል እንዳይነካ ይላሉ። እንዳለ ለጥፌው ልገላገል? ወይስ ይሄ ሥራ ከነጭራሹ ለኔ አይደለም?

ካፕሽን ያስለቀሳት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

የኔ እህት፣ መጀመሪያ እስቲ ተንፍሺ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሃያ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። የውሃ ማጠራቀሚያ ፎቶ ነበር፣ ካፕሽኑ «በቀን 500 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያሰራጭ» ይል ነበር፣ እኔ ደሞ መስመር ሊሞላብኝ ስለሆነ «በቀን» የምትለዋን ቆርጬ «500 ሜትር ኩብ ውሃ ያለው» ብዬ አወጣኋት። አንድ አንባቢ ቁጭ ብሎ ለከተማው ሕዝብ አካፍሎ ውሃው ስንት ቀን እንደሚበቃ አስልቶ፣ «ከሳምንት በኋላ ልናልቅ ነው ወይ» ብሎ ጻፈልኝ። አንዲት ቃል ናት እኮ! እና እኔም ያኔ ሥራው ለኔ አይደለም ብዬ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራሁ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ጥያቄሽን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርጋት።

ኢንጂነሩ የጮሁብሽ ነገር ያማል፣ በተለይ ስህተቱ ያንቺ መሆኑን እያወቅሽ ሲጮሁብሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እሳቸው የተናደዱት ስላሳጠርሽው ነው ወይስ ያላለቀ ድልድይ አለቀ ስላልሽ? አስቢው። አማካሪ ድርጅት ማለት እኮ ተቋራጩን የሚቆጣጠር፣ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት «ይሄ ተሠርቷል፣ ይሄ አልተሠራም» ብሎ የሚፈርም ነው። «መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» የሚል ነገር በሳቸው ፎቶ ስር ሲወጣ አሠሪው ደውሎ «ምንድነው ይሄ?» ሳይላቸው አልቀረም። «አንድ ቃል እንዳይነካ» ያሉት ከፍርሃት ይመስለኛል፣ ከትዕቢት ብቻ አይደለም። ይሄን ካየሽ ከሳቸው ጋር የምትነጋገሪው ነገር ይለወጣል፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ካፕሽኑ። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ግድየለሽ ሆነሽ አይደለም፣ አረፍተ ነገሩ ወጥመድ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው አይደል? ያንን ሁሉ ቃል ተሸክመሽ መጨረሻ ስትደርሺ ዋናው ግስ ምንድነው? «ይገልጻል»። በቃ። የዚያ ሁሉ ነገር ሰዋስው ሲጨመቅ «ድርጅታችን ይገልጻል» ነው። ድልድዩ፣ ክሬኑ፣ ኮንክሪቱ ሁሉ መሃል ላይ ታጭቀው የ«ይገልጻል» ጭራ ሆነዋል። «በመጠናቀቁ» ደሞ የማን ግስ ነው? የሰብስትራክቸር። እሱ የት አለ? ከጥቂት ቃል በፊት ነው ያለው፣ ግን የማታውቂው ቃል ስለሆነ አይንሽ ዘሎት ሄደና «ድልድይ» የሚለው የምታውቂው ቃል ላይ አረፈ። የታወቀ ቃል ሲገኝ ያልታወቀውን መዝለል የሰው ተፈጥሮ ነው፣ አንባቢሽም ልክ እንዳንቺ ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው እንዳለ መለጠፍ የማያድንሽ። ኢንጂነሩ ቃል በቃል የጻፉትን ብታወጪው እንኳ ግማሹ ሰው «መቶ በመቶ» እና «ድልድይ» የሚሉትን ሁለት ቃል ይዞ ይሄድ ነበር፣ ያው ስልክ ይደወል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣልሽ ከማሳጠርሽ በፊት አንድ ሥራ ሥሪ። ወረቀት አውጪና ግሶቹን ብቻ እያደንሽ ጻፊ፣ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን «ማን?» ብለሽ ባለቤቱን ጻፊለት። ከዚህኛው ካፕሽን የሚወጣው ይሄ ነው፦ ድርጅቱ ዲዛይንና ቁጥጥር ይሠራል። ድልድዩ 90 ሜትር ነው። ሰብስትራክቸሩ አልቋል። ገርደሮቹ እየተሰቀሉ ነው። ፕሮጀክቱ 68 በመቶ ደርሷል። አምስት አጫጭር ነገር። አሁን «አልቋል» የሚለው የማን እንደሆነ በዓይንሽ ታይዋለሽ፣ ከ68 በመቶው ጋርም ስታስተያዪው መቶውና ስልሳ ስምንቱ የአንድ ነገር ሊሆኑ እንደማይችሉ ወዲያው ይገባሻል። ሰብስትራክቸር ምን እንደሆነ ባታውቂ እንኳ ያላወቅሽው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ይሄ ደሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ስልክ አንስተሽ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ ማለት ነው።

ለነገሩ ሰብስትራክቸር ማለት ከስር ያለው ሁሉ ነው። መሬት ተቆፍሮ የገባው፣ ዳርና ዳር ያለው መደገፊያ፣ ወንዙ መሃል የቆመው እግር። ሱፐርስትራክቸር ደሞ ከላይ የሚቀመጠው ነው፣ መኪና የሚሄድበት ወለልና እሱን የሚሸከመው። ባጭሩ የድልድዩ እግር አልቋል፣ ጀርባው ገና ነው። «እግር» ብትዪ ማንም አይሳሳትም፣ ኢንጂነሩም በደንብ ካስረዳሽላቸው አይቃወሙም።

አሁን ካፕሽኑን ዝጊውና ፎቶውን ብቻ እይ። የምሬን ነው፣ ካፕሽኑን ሸፍኚው። ምን ይታያል? ሁለት ክሬን፣ መሃላቸው የተንጠለጠለ ረጅም ኮንክሪት፣ ከስር ወንዝ፣ ወንዙ ውስጥ የቆሙ እግሮች። አንባቢው ይሄን ሲያይ የሚመጣበት ጥያቄ ምንድነው? እኔ ብሆን «ይሄ ነገር ምንድነው? ምን ያህል ይከብዳል? ሁለት ክሬን ለምን አስፈለገ?» እል ነበር፣ ቀጥሎ ደሞ «ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»። ካፕሽን ሥራው ይሄን መመለስ ነው፣ ሌላ የለውም። አሁን ካፕሽኑን ክፈቺና የትኛው ቃል ከነዚህ ጥያቄ አንዱን እንደሚመልስ ፈልጊ። 16ቱ ፓይል? መሬት ውስጥ ናቸው፣ ፎቶው ላይ አንዱም አይታይም፣ ይውጡ። ዲያሜትሩ? ይውጣ። «ፖስት ቴንሽንድ»? እሱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን። 55 ቶን? አዎ! እሱ ወርቅ ነው።

ግን ቶን ለአብዛኛው ሰው ባዶ ቁጥር ነው፣ ኩንታል ግን አገራችን ውስጥ ሁሉም በትከሻው የሚያውቀው ነገር ነው። አንድ ቶን አሥር ኩንታል ስለሆነ 55 ቶን 550 ኩንታል ነው። ሲሚንቶ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው 550 ኩንታል ሲባል ክምሩ ይታየዋል። ኩንታል ማድረግ ማጋነን አይደለም፣ ያው ቁጥሩ ነው፣ ኢንጂነሩም ካልኩሌተር አውጥተው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። «የአሥራ ምናምን አይሱዙ ጭነት ያህላል» ወደሚል ነገር ግን አትሂጂ፣ አይሱዙው ስንት ይጭናል የሚል ክርክር ትከፍቻለሽ፣ ካፕሽኑም ስለ አይሱዙ ይሆናል።

አሁን ገርደር የምትለዋን ምን እናድርጋት? አንዳንድ ጋዜጣ ላይ «ምሰሶ» ሲባል አያለሁ፣ ያናድደኛል። ምሰሶ ይቆማል እንጂ አይጋደምም! ፎቶው ላይ የተጋደመ ነገር እያየ «ምሰሶ» የሚል ያነበበ ሰው ዓይኑን ወንዙ ውስጥ ወዳሉት እግሮች ነው የሚወስደው፣ ክሬኖቹ እነሱን እየተከሉ ይመስለዋል። «የሲሚንቶ» የምትለውም አትሆንም፣ ሲሚንቶ ዱቄቱ ነው። «አርማታ» ደስ የሚል ቃል ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን እዚህ ላይ ኢንጂነሩ ሊይዙሽ ይችላሉ፣ አርማታ ስንል ፌሮ የገባበትን ተራውን ኮንክሪት ስለምናስብ፣ ይሄኛው ደሞ በኬብል የተወጠረ ነው። እኔ ብሆን «የኮንክሪት አግዳሚ» ነበር የምለው። ኮንክሪትን የማያውቅ የለም፣ አግዳሚም የተጋደመ ነገር መሆኑን ራሱ ይናገራል። «ኢሬክሽን ተግባር በመከናወን ላይ የሚገኝ» ደሞ እየሰቀሉት ነው ማለት ነው፣ በቃ። «ታንደም ሊፍት» ሁለት ክሬን ተጋግዞ ማንሳቱ ነው፣ እሱን ፎቶው ራሱ ያሳያል፣ «ተጋግዘው» የምትል አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

ወደ 68 በመቶው እንምጣ፣ እዚህ ላይ ቀስ በይ። «ፊዚካል አፈጻጸም» የድልድዩ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ተሠራ ማለት አይደለም። በውሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ እንደ ዋጋው ክብደት ይሰጠዋል፣ የተሠራው በዚያ ክብደት ተደምሮ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ገንዘብ ስለሚበላ እግሩ ከፍተኛ ክብደት ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚህ 68 ደርሷል ማለት የቀረው ጊዜ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት አይደለም። ደሞም «የፕሮጀክቱ» ነው የሚለው፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ ግራና ቀኝ ያለው መዳረሻ መንገድ ይግባ አይግባ ካፕሽኑ አይነግርሽም። ከሁሉም በላይ ግን እስከ ዛሬ ስንት መድረስ ነበረበት? ዕቅዱ 65 ከነበረ ጥሩ ሄደዋል፣ ዕቅዱ 85 ከነበረ ግን ዘግይተዋል፣ «በደስታ ይገልጻል» የምትለዋም ትንሽ ታጠራጥራለች። ብቻዋን የመጣች ፐርሰንት ስታዪ ሁሌ ጓደኛዋን ጠይቂ። ከነገሩሽ ሁለቱንም ጻፊ፣ ካልነገሩሽ ካፕሽኑ ላይ አታስገቢያት፣ ለዜናው ትቆይ። አንባቢው የሚፈልገው ፐርሰንቱን አይደለም መቼም፣ መኪና ያልፋል ወይ የሚለውን ነው፣ እሱን በቀጥታ መመለስ ትችያለሽ፦ ወለሉ ገና ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ አንቺ በዕድል አመለጥሽው። ካፕሽኑ «የዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥር» ነው የሚለው። ማለትም ይሄ ድርጅት ድልድዩን አይገነባም፣ የሚገነባው ተቋራጩ ነው፣ ስሙ ካፕሽኑ ላይ የለም። ብዙ ጀማሪ አዘጋጅ ካፕሽን የላከው ሁሉ የሠራው ይመስለውና «ድርጅቱ እየገነባው ያለው ድልድይ» ብሎ ያወጣል፣ ከዚያ ተቋራጩ ይደውላል፣ እሱ ደሞ ከኢንጂነሩ ይብሳል። አሠሪ፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ፣ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ስማቸው ካፕሽኑ ላይ የግድ መኖር የለበትም፣ ከኖረ ግን ሥራቸው በትክክል መጠራት አለበት።

እንግዲህ ተሰብስቦ ምን ይመስላል? እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ይሄ ነው፦ «ለድልድዩ የሚሆን 550 ኩንታል የሚመዝን የኮንክሪት አግዳሚ በሁለት ክሬኖች እየተሰቀለ ይገኛል።» ጻፍኩትና ለጎረቤቴ አነበብኩላት፣ ፎቶውን ሳላሳያት። «ታዲያ ድልድዩ አለቀ?» አለችኝ። አየሽ፣ ያንቺው ስህተት በሌላ በር ገባ። ስለዚህ ያላለቀውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይሄ ሆነ፦

«ሁለት ክሬኖች 550 ኩንታል የሚከብድ የኮንክሪት አግዳሚ ተጋግዘው ድልድዩ እግር ላይ ሲያሳርፉ። የ90 ሜትሩ ድልድይ እግሮች አልቀዋል፤ መኪና የሚያልፍበት ወለል ግን ገና አልተሠራም። ፎቶው የተነሳው መጋቢት 12 ነው።»

ሃያ ምናምን ቃል ነው፣ ቁጠሪው። ግሶቹ እያንዳንዳቸው ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል፣ እግሮች አልቀዋል፣ ወለል አልተሠራም፣ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ሰው የለም። በስልክ ላይ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ክሬኖቹና ክብደቱ ነው፣ ሰው ከዚያ ባያልፍ እንኳ ያነበበው ውሸት አይሆንም። ቀኑን እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ትክክለኛውን ከሳቸው ጠይቂ። «በአሁኑ ሰዓት» የምትለዋን ግን ከነሥሯ ንቀይ። ድርጅቶች ፎቶ አንስተው፣ አስፈቅደው፣ አስፈርመው እስኪልኩ ወር ሊሆነው ይችላል፣ አንቺ ስታወጪው ያ አግዳሚ ድሮ ተቀምጦ ወለሉም ተሞልቶ ይሆናል።

ሰው ላይ መሞከሩን አደራ። ቢሮሽ ውስጥ ቡና የምታፈላዋ ወይም ዘበኛው ጥሩ ናቸው፣ ኢንጂነር ያገባች ጓደኛሽ አትሆንም። ስትጠይቂያቸው ግን «ገባሽ?» አትበይ፣ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ነው የሚልሽ። «ምን ተባለ?» በይና መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ። የሳቱት ቦታ ላይ ነው የምታስተካክዪው።

አሁን ወደ ኢንጂነሩ። እኔ የምልሽ ደውዪላቸው፣ በጽሑፍ አይሁን መጀመሪያውን። ይቅርታሽን አጭር አድርጊው፣ «እግሩ ነው ያለቀው፣ እኔ ድልድዩ አለቀ ብዬ አወጣሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬ አርመነዋል» በያቸው። እና እውነትም ከመደወልሽ በፊት አርሚው፣ ዝም ብሎ ጽሑፉን መቀየር ብቻ ሳይሆን ከስር «እርማት፦ ቀደም ሲል ድልድዩ ተጠናቀቀ ብለን ያወጣነው ስህተት ነው፤ የተጠናቀቁት የድልድዩ እግሮች ናቸው» የሚል ይጨመርበት። ለሳቸው ብቻ አይደለም፣ ያ ውሃውን በእግሩ የሚሻገረው ሰውዬም መልስ ይገባዋል።

ከዚያ የሁለተኛውን ፎቶ ካፕሽን ስትልኪላቸው «አሳጥሬዋለሁ፣ ይወዱታል?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። እንደዛ ካልሽ ሁሉንም ቃል ይመልሱልሻል፣ የራስን ጽሑፍ ተቆርጦ የሚወድ ማን አለ። «ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነ ቃል አለ?» ብለሽ ነው የምትጠይቂው። ለሱ ጥያቄ ኢንጂነር ታማኝ መልስ ይሰጣል፣ ሥራቸውም እሱ ነው፣ ያልተሠራን አልተሠራም ማለት። «አግዳሚ ሳይሆን ገርደር ነው የሚባለው» ካሉሽ «ገርደር ማለት ውሸት አይደለም፣ አግዳሚስ ውሸት ነው?» በያቸው በጨዋ ደንብ። «ገና አልተሠራም የምትለዋ ትውጣልኝ» ካሉሽ ግን እዚያ ላይ አትለሳለሺ፣ ሌላውን ሁሉ መለዋወጥ ትችያለሽ፣ እሷ ግን የአንባቢው ናት።

አንድ የምትሰጫቸው ነገርም አለ። ያ ያስወጣነው «ፖስት ቴንሽንድ» አለ አይደል፣ እውነቱን ለመናገር ከነገሩ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። ኮንክሪቱ ሲሞላ ውስጡ ባዶ ቱቦ ይተውለታል፣ ኮንክሪቱ ሲጠነክር በቱቦው ውስጥ ያለፈው የብረት ኬብል በጃክ ይጎተትና ጫፉ ላይ ይቆለፋል። የተወጠረው ኬብል አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨምቆ ይይዘዋል፣ መኪና ሲያልፍበት ከስሩ እንዳይሰነጠቅ። ይሄ በክሬን ፎቶ ስር አይገባም ምክንያቱም አይታይም፣ ግን የአግዳሚው ጫፍ በቅርብ ቢነሳ የኬብሎቹ ጫፍ ተሰባስቦ ብቅ ብሎ ይታያል። «ጋሼ፣ ጃኩ ኬብሉን ሲጎትት ወይም የአግዳሚው ጫፍ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ፣ ለብቻው ከነማብራሪያው አወጣዋለሁ» በያቸው። እመኚኝ፣ በዚያኑ ቀን አምስት ይልካሉ። የሳቸው ቅሬታ ግማሹ እኮ ይሄ ነው፣ ዓመት ሙሉ የለፉበት ነገር በሁለት መስመር ሲያልቅ። ፎቶ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ካፕሽን ያንሳል፣ ሁሉም ነገር ደሞ ቦታውን ያገኛል።

ለአለቃሽም አንድ ነገር ንገሪው። «ሁለት መስመር አድርጊው» ትዕዛዝ ብቻ ነው፣ መስመሩ ውስጥ ምን ይቅር የሚለውን አይመልስም። ቴክኒክ ነገር ሲመጣ ከሚልከው ሰው ጋር በስልክ ለመነጋገር ግማሽ ቀን እንዲሰጥሽ ጠይቂው። የሰሞኑን ስልክ እሱም ሳይሰማ አልቀረም፣ አሁን ነው ጥሩ ጊዜው። እምቢ ካለ ደሞ ያልተረጋገጠውን ቁጥር ትተሽ የሚታየውን ብቻ ጻፊ፣ «ሁለት ክሬኖች የድልድይ አግዳሚ ሲሰቅሉ» ብቻ ብትዪ ማንም አይደውልብሽም።

እና ልጄ፣ ኢንጂነሩ እስከ መጨረሻው «አግዳሚ» የሚለውን ካልወደዱት፣ ክሬኑ ስር የሚሠሩት ልጆች ያንን ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቂያቸው። ከኔ ቃል የተሻለ ሳይኖራቸው አይቀርም። መልሱን ለኔም ጻፊልኝ።